አራተኛ ቁጥር፦ ምስክር ናት

መቃብር ያለበት መሬት መቃብር ነው። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያሻም፤ ድንጋዩ ተተክሎ ይታያል፣ ባለቤቱ መጥቶ አረሙን ይነቅላል፣ ከብት የሚያግድ ሰው ሳይቀር ዞሮ ያልፋል። ቢሮ ግን እንዲህ አያይም። ቢሮ ዐይኑ ወረቀት ነው። ወረቀት ላይ ያልተቀበረ ሰው መሬት ላይ ተቀብሮ ቢገኝ ጥፋቱ የሟቹ ነው። በ፲፱፻፸፪ ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ፣ የመሬት ጉዳይ ይታይበት በነበረ አንድ ጽሕፈት ቤት፣ የዘይነት አባት በሞቱ በሁለት ዓመታቸው ጥፋተኛ ሊሆኑ የደረሱት በዚህ መንገድ ነው። ጥፋተኛ ያደረገቻቸውም ዘይነት ራሷ ነበረች።

ዘይነት የዚያ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ናት። አባቷ ሙሀመድአወል በወረታና በባሕር ዳር መካከል ጨውና አቡጀዲ ሲያመላልሱ የኖሩ ነጋዴ ነበሩ፤ እሷን ያስተማሯትም ዘመድ ጎረቤቱ «ሴት ልጅ ማሽን ስትቀጠቅጥ ልትውል ነው?» እያለ ሲያሾፍባቸው ነው። እጇ ፈጣን ነው። የአማርኛ ማሽን ደግሞ ፍጥነትን የሚወድ ማሽን አይደለም፤ አንዱን ፊደል አንዴ መትተሽ፣ ቅጥያውን ደግመሽ መትተሽ ነው የሚሞላው። ዘይነት ግን ስትጽፍ ከደጅ የሚሰማ ሰው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የጀመረ ይመስለዋል።

ሰኞ ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ ጓድ አንዳርጋቸው አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። ከሐይቁ ደሴቶች ባንዱ ላይ ያለ የወንጌል መጽሐፍ ባዶ ቅጠል ነው፤ በጥንት ዘመን የዳር ባላገሮች የባሕሩን ጠርዝ መሬት የተካፈሉበት ውል በአማርኛ ተጽፎበታል። መጽሐፉ ከደሴቱ አይወጣም፤ የሚያወጣው የተወገዘ ነው። ሴት ደግሞ ወደ ደሴቱ አትገባም። ስለዚህ ቢሮው ፎቶ አንሺውን ቢያዝንን በጀልባ ልኮ፣ መነኮሳቱ ደጀ ሰላሙ ላይ መጽሐፉን ገልጠው ይዘውለት፣ አንስቶ መጣ። አንዳርጋቸው ከፎቶው ጋር ብጣሽ ወረቀት አያይዟል፤ እንደ ልማዱ በቀይ እርሳስ ጽፎ ፈርሞበታል፦ «በታይፕ ይጻፍ። ቁጥሩ እንደ ዋናው ይጠበቅ።»

ዘይነት ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች። ጽሕፈቱ ጥርት ያለ ነው፤ ጥቁሩ ጥቁር፣ ብራናው ነጭ፣ አንድ እድፍ እንኳ የለበትም። ጸሐፊው ግን እንደ ዛሬ ሰው አንቀጽ ሲጨርስ መስመር አይለቅም፤ ብራና ውድ ነውና ሁሉንም አከታትሎ ነው የጻፈው። በየሐሳቡ መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ አለ፤ ከአራት ነጥቡ ቀጥሎ ክፍት ቦታ አለ፤ ከዚያ ሌላው ሐሳብ ይጀምራል። ቁጥር የሚባል አይታይም።

ለካ ክፍት ቦታው ነው የቁጥሩ ቦታ፣ አለች። ቀለሙ በእርጅና ለቆ ይሆናል። ፊተኛው ሐሳብ ፊትም እንደዚያው ክፍት አለ። ቆጠረቻቸው፤ ሰባት ናቸው። አራተኛው ብቻ ሰፋ ያለ ነበር፤ እሱ ግን መስመሩ መጨረሻ ላይ ስለዋለ፣ ጸሐፊው መስመሩን አጉድሎ ያቆመ መሰላት። ማሽኗ የግዕዝ ቁጥር የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱን ሐሳብ በየመስመሩ ለይታ ከሁለት ካርቦን ጋር መታችውና፣ የቁጥሩን ቦታ ትታ ኋላ በብዕር ሞላችው።

፩ ከወንዙ አፍ እስከ ሾላው አንድ ነው።
፪ ከሾላው እስከ ዋንዛው አንድ ነው።
፫ ከዋንዛው እስከ ጅረቱ አንድ ነው፤ በዚህ ላይ ተጣልተው ነበር፤ ታረቁ።
፬ ምስክር ናት።
፭ ከጅረቱ እስከ ጥቁሩ ድንጋይ አንድ ነው።
፮ ከጥቁሩ ድንጋይ እስከ ደንገሉ አንድ ነው።
፯ ይህን ያፈረሰ የተወገዘ ይሁን።

ከግርጌው የስሟን መነሻ «ዘ.ሙ.» ብላ አስገባችው። አንዳርጋቸው ፎቶውን እንኳ ሳያይ ፈረመበት።

ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር፤ አራተኛው ቁጥር ግን ከዘይነት ጋር ወደ ቤቷ ሄደ። ምስክር ናት። ማን ናት? ከውግዘቱ በቀር ሌሎቹ ቁጥሮች ሁሉ ስለ መሬት ይናገራሉ፣ ይህች ደግሞ ስም እንኳ ሳይኖራት መካከላቸው ቆማለች። ደግሞስ ሴት በማትረግጠው ደሴት፣ ሴት በማትነካው መጽሐፍ ላይ፣ ወንዶች ተጣልተው ሲታረቁ ሴትን ማን ምስክር ጠራት? ባልቴት ትሆን? መሬቱ የእሷ ኖሮ ይሆን? ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ የከብት ግብር ዝርዝር ስትመታ ያችን ሴት ታስባት ነበር።

ረቡዕ አጎቷ ሙሔ መጣ። ሙሔ የእስላሞቹን መቃብር የሚጠብቁት ሽማግሌዎች ወክለውት ነው ወደ ቢሮው የወጣው፤ እሷ እዚያ ባትሠራም ይመጣ ነበር። በእጁ ከአንዳርጋቸው የተላከለት ደብዳቤ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። በጃንሆይ ጊዜ፣ በ፶፬ ዓ.ም.፣ ስለዚያ ዳርቻ ክርክር ተነሥቶ አንድ ዳኛ ፈርዶ ነበር። ዳኛው ቦታውን ሄዶ እንዳያይ ፀሐዩ ከበደው፤ እንዳይገልጸው ብዕሩ ከበደው፤ ስለዚህ «በደሴቱ ወንጌል ላይ በ፭ኛ ቁጥር የተጻፈው መሬት የእስላሞች መቃብር ሆኖ ይኑር» ብሎ በአንድ ቁጥር ተገላገለ። አሁን ቢሮው ለኅብረት ሱቁ የእህል መጋዘን ሊሠራ ፈለገና ውሉን አስነሥቶ አስመታ። በተመታው ወረቀት አምስተኛው ቁጥር ከጅረቱ እስከ ጥቁሩ ድንጋይ ነው፤ እዚያ ደግሞ የከብት መሄጃ እንጂ አንድ መቃብር የለም። መቃብሮቹ ሁሉ ከጥቁሩ ድንጋይ ወዲያ፣ እስከ ደንገሉ፣ የታንኳው ሸምበቆ እስከሚበቅልበት፣ ባለው ላይ ናቸው። ስድስተኛው ላይ። ስለዚህ፣ ይላል ደብዳቤው፣ ያለ ፈቃድ የተቀበሩ ስለሆኑ በሚቀጥለው ሰኞ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ዐፅም ማንሣት የሚፈልግ ቤተሰብ ያንሣ።

አንድ መቶ ከሚበልጥ መቃብር ይልቅ አንድ ቁጥር የሚታየው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? አንዳርጋቸው ክፉ አልነበረም፤ ይህ ነው የሚያናድደው። ለድኾች እህል የሚገባበት መጋዘን ሊሠራ ነበር። ወረቀቱን አየ፣ አመነ፣ በቃ።

ሙሔ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሊከተው ሲል ዘይነት ከእጁ ወሰደችው። ከግርጌው «ዘ.ሙ.» ይላል።

«ጋሼ ሙሔ፣ ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ» አለችው።

ሙሔ አልተቆጣም። አባቷን በገዛ እጁ ጉድጓድ ወርዶ የተቀበለ ሰው ነው፤ ከጥቁሩ ድንጋይ ሃያ እርምጃ ወዲያ። «ቁጥሩን አይተሽ ነው የጻፍሽው?» አላት።

«ቆጥሬ ነው።»

«ማየትና መቁጠር አንድ ነው እንዴ፣ ዘይኔ?»

ይህን ብሎ ወጣ። እሷም ማሽኗ ፊት ተቀምጣ ቀረች። ሙያዋን የሚያውቅ ታይፒስት ያልታየውን አይሞላም፤ ነጥብ ነጥብ አድርጎ «አይነበብም» ብሎ ያልፋል። ይህን ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ተምራዋለች። እሷ ግን ቆንጆ ወረቀት ወደደች፤ ባዶ ቦታ የሌለበት፣ ከአንድ እስከ ሰባት የተሰለፈ። አባቷ ያሉበትን መሬት ያፈረሰችው ለወረቀት ውበት ነው። ይህን ለራሷ ስትነግረው አላለቀሰችም፤ ይልቅ ያች ሴት ተመልሳ መጣችባት። አራተኛው ቁጥር ቁጥር ካልሆነ፣ መቃብሮቹ አምስተኛ ላይ ይገባሉ። ሁሉም ነገር ያች ሴት ማን ናት በሚለው ላይ ቆመ።

የመዝገብ ቤቱን የሚጠብቁት እትዬ እናትዓለም ናቸው፤ ባላቸው የቁም ጸሐፊ ነበሩ፣ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ዳዊት የሚጽፉ። ዘይነት ፎቶውን ይዛ ገባችና ያችን ሴት አሳየቻቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት።

«ሴት ወደዚያ ደሴት አትገባም ያለሽ ማነው?» አሏት።

«ሁሉም ይላል፣ እትዬ።»

«አንዲት ትገባለች። እንዲያውም ቤቱ የእሷ ነው።» ሳቁ። «እመቤታችን ናታ፣ ልጄ። ማርያም ምስክር ናት ነው የሚለው። ሰው ታርቆ ሲማማል ሌላ ማንን ይጠራል?»

«ታዲያ ስሟ የታለ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ባለቤቴ ስሟን በጥቁር ጽፎ አያውቅም። ስሟ ሲደርስ ብዕሩን ያስቀምጥና ሌላ ያነሣል፤ በቀይ። ቁጥሩንም በቀይ። ቀዩን የምፈጨው እኔ ነበርሁ፤ ጥፍሬ እስከ ፋሲካ አይለቅም ነበር።»

ዘይነት ፎቶውን ደግማ አየችው። ሰባት ክፍት ቦታዎች። ሁሉም የቀይ ቦታዎች ናቸው። ጥቁሩ አንድ ፊደል ሳይጎድል ተርፎ ቀዩ ብቻ እንዴት ይጠፋል? እርጅና መርጦ ይበላል? እናትዓለምም በዚህ ተገረሙ፤ ደኅና የተፈጨ ቀይ ከጥቁሩ ቀድሞ አይለቅም ብለው ማሉ።

ፎቶ ቤቱ ከገበያው አጠገብ ነው። ቢያዝን ፎቶ ሲያጥብ ሰው አያስገባም፤ ዘይነት ግን በሩን ከመደብደብ ስላላቆመች አስገባት። ውስጡ ጨለማ ሆኖ አንዲት ቀይ አምፖል ብቻ ትበራለች፤ የፎቶ ወረቀት ቀይ ብርሃን አያቃጥለውም። ሥራው የተነቀፈ መስሎት ገና ሳትጀምር ተቆጣ። እዚህ አገር ከእሱ ሌላ ያን ብራና እንዲያ አጥርቶ የሚያነሣ ሰው ካለ ታምጣ። ብራናው ላይ ዝናብ ወርዶበት እንደ ቡና የጠቆረ እድፍ ነበረው፣ በእሱ ብልሃት ነው የጠፋው።

ዘይነት እንኳን ልትነቅፈው፣ ምን እንደምትጠይቀው አላወቀችም። የታዘዘችውን ልታስረዳው ከቦርሳዋ የአንዳርጋቸውን ብጣሽ አውጥታ ዘረጋችለት።

ወረቀቱ ባዶ ነበር።

ገለበጠችው። ጀርባውም ባዶ ነው። ሌላ ወረቀት ያወጣሁ መስሎኝ ነው ብላ ቦርሳዋን ፈተሸች፤ ሌላ ወረቀት የለም። ከዚያ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ደጅ ወጣች፤ በፀሐዩ ላይ «በታይፕ ይጻፍ። ቁጥሩ እንደ ዋናው ይጠበቅ» የሚለው ቀይ ጽሕፈት ቁልጭ ብሎ አለ። ተመልሳ ገባች፤ ጠፋ። ወጣች፤ መጣ። በሦስተኛው ጊዜ ቢያዝን የሚያደርጋትን እያየ፦ «ምን ነካሽ፣ እህቴ?» አለ።

«ጋሽ ቢያዝን፣ እድፉን ያጠፋህበት ብልሃት ምንድን ነው?»

ቢያዝን በጣም ቀስ ብሎ መሳቢያውን ሳበና የካሜራውን ዐይን የሚሸፍን ክብ መስታወት አወጣ። ቀይ መስታወት። ቡናማውን እድፍ ከነጩ ብራና ጋር አንድ ያደርገዋል፣ ጥቁሩ ቀለም ብቻ ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ ነበር የሚኮራበት። ቀይ ቀለምም በቀይ መስታወት ሲታይ ነጭ ይመስላል፤ ፊልሙ ደግሞ የሚያየው መስታወቱ ያሳየውን ነው። ይህን እንደ ፎቶ አንሺ ያውቀዋል፤ እንደ ክርስቲያን ደግሞ የማርያም ስም በቀይ እንደሚጻፍ ከልጅነቱ ያውቃል። ሁለቱ ዕውቀቶቹ ግን ደሴቱ ላይ አልተገናኙም። እድፍ ሲያጠፋ እመቤቲቱን አብሮ አጠፋ።

«ጉዴ ፈላ» አለ ቁጭ ብሎ።

«ያለ መስታወቱ አላነሣኸውም?»

አንሥቶት ነበር። አንድ ጊዜ። ፊልሙን ሲያጥበው እድፉ ሰፍቶ ስላየው ለማተም እንኳ ሳያስበው ፖስታ ውስጥ ጥሎታል። ፈለገው፤ ከሠርግ ፎቶዎች ሥር ተገኘ። ፊልሙን በፎቶ ወረቀት ላይ አበራበትና ወረቀቱን ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ነከረው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ። መጀመሪያ እድፉ መጣ፤ የገጹን ግርጌ እንደ ደመና ሸፈነው፣ ከሥሩ ያሉትን ጥቁር ፊደሎች ማንም አያነባቸውም። ከእድፉ ውጭ ግን፣ ክፍት የነበሩት ቦታዎች ላይ፣ ግራጫ ግራጫ ነገር ይንሳፈፍ ጀመር። ፩። ፪። ፫። ራስጌና ግርጌያቸው ላይ ሰረዝ አላቸው። ከሦስተኛው በኋላ በመስመሩ መጨረሻ ላይ ቁጥር አልመጣም፤ ፊደል መጣ፣ አንድ በአንድ፦ እግዝእትነ ማርያም። ፬ የመጣው ከእሷ በኋላ ነው፣ ከጅረቱ ፊት። ከጥቁሩ ድንጋይ ፊት ደግሞ ፭።

ዘይነት እጇን ወደ መድኃኒቱ ሰደደች፤ ቢያዝን ያዛት። «ይቃጠላል፣ ቆይ» አላት። ድምፁ የለሰለሰ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አንዳርጋቸው ፊት ዘረጋቻቸው። ከአንዱ ጥቁሩን፣ ከሌላው ቀዩን ማንበብ እንደሚገባ ነገረችው፤ ሁለቱም ብቻቸውን ጎዶሎ ናቸው። እሱ ፎቶዎቹን ትቶ እሷን አየ።

«አባትሽ እዚያ ነው የተቀበሩት?»

«አዎ።»

«ሰኞ ጻፍሽ። ረቡዕ አጎትሽ መጣ። ሐሙስ ቁጥሩ ተለወጠ። አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?»

ጥያቄው ትክክል ነበር፣ ስለዚህ አናደዳት። «ሰኞ ስጽፍ ማንም አልጠረጠረኝም፣ ጓድ አንዳርጋቸው። የተሳሳትሁትን ሳይመረምሩ ፈረሙ፤ ያረምሁትን ይመርምሩ እንጂ። አባቱ እዚያ ያልተቀበረ ሰው ይላኩ። ወይም ራስዎ ይሂዱ፤ ይህን ይዘው።» ብጣሿን ወረቀት ሰጠችው።

ሄደ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ የሆነውን ኋላ ቢያዝን ነው የተናገረው፤ ጓድ አንዳርጋቸው በቀይ አምፖሉ ሥር የገዛ ትእዛዙን ይዞ ቆሞ፣ ፊርማው ሳይቀር የጠፋበትን ወረቀት ሲያገላብጥ፣ ባለፈው ዓመት በቀይ እርሳስ የጻፈውን ሁሉ ያሰበ መሰለ ብሎ። ሲመለስ ግን ለዘይነት ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንደገና ይመታ። የመጋዘኑም ቦታ ከጅረቱ እስከ ጥቁሩ ድንጋይ ይሁን፣ ከብቱ ሌላ መንገድ ያገኛል።

አንድ ነገር ግን አስቸገረው። የአብዮት ቢሮ ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ ማርያምን ምስክር አድርጎ መጻፍ እንዴት ይሆናል? ስሟን ትተን «ምስክር አለ» ብንል ምናለበት? ዘይነት ቀና ብላ አየችው። ስም ተትቶ የደረሰውን ይህን ሳምንት አይተናል፣ አለችው፤ ደግሞ ትእዛዙ የእርስዎ ነው፣ እንደ ዋናው ይጠበቅ ይላል። ራሱን አከከና፦ «እንግዲያው ሙሉ በሙሉ እንደ ዋናው ይሁን» አለ። «ቁጥሩና ስሟ በቀይ ይጻፍ። ጥብጣቡ ግማሹ ቀይ አይደለም?»

እውነት ነው፤ የማሽኑ ጥብጣብ ላዩ ጥቁር፣ ታቹ ቀይ ነው፤ ታቹን ነክቶት የሚያውቅ ሰው የለም። ዘይነት ወረቀቱን ከሁለት ካርቦን ጋር አስገባች። መጀመሪያ ከራስጌው «ከሁለት ፎቶግራፎች የተገለበጠ» ብላ መታች። ከእድፉ ሥር ውላ በሁለተኛው ፎቶ ላይ ያልወጣችውን የመጨረሻይቱን ቁጥር ብታውቃትም አልሞላቻትም፤ ቦታዋን በነጥብ ትታ ከግርጌ «ቁጥሩ በእድፍ ምክንያት አይታይም» አለች። ሦስተኛውን ሐሳብ ጽፋ «ታረቁ» ላይ ስትደርስ ጣቷን ጥብጣቡን ወደሚያነሣው ቁልፍ ሰደደች፤ ቀዩ ከፍ ብሎ መጣ።

ሳትመታ ቁልፉን ወደ ጥቁሩ መለሰችው።

«ቀይ አልሁ እኮ» አለ አንዳርጋቸው ከትከሻዋ በላይ።

«ከግርጌ እጽፈዋለሁ፤ በዋናው ላይ በቀይ ነው ብዬ» አለችው። «ስሟን ግን በጥቁር ነው የምመታው። ነገ ደግሞ አንድ ብልኅ ሰው መስታወት ይዞ ይመጣል።»

እግዝእትነ ማርያም ምስክር ናት። ካርቦኖቹ ድረስ እንዲወርድ ጠንክራ መታችው። ከዚያ መስመር ለቀቀች፣ ለ፬ ቦታ ተወች።